ውሃው ድፍድፉን ይከተላል፦ ሁለት ፍሰቶችን በቋሚ ሬሾ ስለማደባለቅ

(በደብረ ብርሃን ለፋብሪካ ጥገና ባለሙያዎች፣ ለኦፕሬተሮችና ለቴክኒክ ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

የተከበራችሁ የጥገና ባለሙያዎች፣ ኦፕሬተሮች፣ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ! የዛሬው ውርጭ ከባድ ነበር። ይህን ብርድ ችላችሁ በሰዓቱ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁት፣ ድምፄ ይሰማችኋል? ጥሩ።

የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ፈሳሾች በሁለት ቧንቧ ይመጣሉ። አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ድብልቅ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንደኛው ፍሰት ቢጨምርም፣ ቢቀንስም ድብልቁ መለወጥ የለበትም። ይህን እንዴት እናደርጋለን? ለምንስ ይበላሽብናል? ሦስት ነጥቦችን አነሳለሁ። የመጀመሪያው ስለ ማካፈልና ማባዛት ነው። ሁለተኛው ስለ ሜትር ሬንጅ ነው። ሦስተኛው ተከታዩ መከተል ሲያቅተው ስለሚሆነው ነው።

ወደ ፋብሪካው ከመግባቴ በፊት ግን እናቴ ጓዳ ላስገባችሁ።

ያደግኩት መንዝ ነው። እናቴ ለማኅበርና ለዝክር የገብስ ጠላ ትጠምቅ ነበር። እዚህ ያላችሁ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ድፍድፉ ሲደርስ ውሃ ይሞላበታል። ውሃ መቅዳቱ የእኔ ሥራ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ጎረቤት ሄዳ ሳለ ለማገዝ ብዬ እንደወትሮው በእንስራ ያመጣሁትን ውሃ በሙሉ ጋኑ ውስጥ ገለበጥኩት። ለካ ከድፍድፉ ግማሹን ለአክስቴ ሰጥታ ኖሯል። ጋኑ ውስጥ የነበረው ግማሽ ብቻ ነበር። እናቴ ተመልሳ ክዳኑን ከፈተችና ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ ድፍድፉን ሳታይ ውሃ አትሙላ። ውሃው ነው ድፍድፉን የሚከተለው» አለችኝ። ጠላው ሲቀዳ ውሃ ውሃ አለ። እንግዶቹ በትህትና ጠጡት፤ እናቴ ግን ቀኑን ሙሉ ቀና አላለችም።

እኔ ምን ነበር ያደረግኩት? ውሃውን በልማድ ለካሁት። ድፍድፉ ተለውጧል፤ ውሃው ግን አልተለወጠም። ዛሬ የምናወራው ስህተት ይኸው ነው። መሪውን ሳያዩ ተከታዩን መለካት።

አሁን ወደ ፋብሪካ እንግባ። የምወስደው ምሳሌ ቢራ ነው። ከተማችን ቢራ የሚጠመቅባት ስለሆነች ለብዙዎቻችሁ ቅርብ ይመስለኛል። ብዙ የቢራ ፋብሪካዎች ቢራውን ከሚሸጡት አወፍረው ያፈሉታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በዚያው ታንክ ብዙ ቢራ ማውጣት ይቻላል። በመጨረሻ፣ ቢራው ከተጣራ በኋላ፣ ኦክስጅኑ የወጣለት ውሃ ይጨመርበታል። ኦክስጅኑ ለምን ይወጣል? ቢራና አየር አይስማሙም፤ ጣዕሙን ቶሎ ያስረጀዋል።

ውፍረቱ በዲግሪ ፕላቶ ይለካል። 16 ዲግሪ ፕላቶ ማለት፣ ከመፍላቱ በፊት በነበረው 100 ግራም ጭማቂ ውስጥ 16 ግራም የሟሟ ነገር፣ በብዛት ስኳር፣ ነበረ ማለት ነው። 16 የሆነውን ወደ 12 ማውረድ እንፈልጋለን እንበል። ስንት ውሃ ያስፈልጋል? ለሦስት ሊትር ቢራ አንድ ሊትር ውሃ። 16 ሲባዛ በ3 ይሆናል 48፤ 48 ለ4 ሲካፈል 12። በትክክል ከተባለ ስሌቱ በክብደት ነው፤ ግን ቢራና ውሃ በክብደት በጣም ስለሚቀራረቡ ለዛሬ በሊትር እንሂድ። ሬሾው ውሃ ለቢራ 0.333 ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ቢራው በሰዓት 18,000 ሊትር ቢመጣ ውሃው 6,000 ይሆናል። መልካም። ታዲያ ቢራው ሁልጊዜ 18,000 ሆኖ ይመጣል? አይመጣም! ለምን? ቢራው የሚመጣው ከማጣሪያው ነው። በማጣሪያው ላይ ኪዝልጉር የሚባል ነጭ ዱቄት ይለጠፋል፤ ቢራው በዱቄቱ መሃል እያለፈ ይጠራል። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ደለሉ ይወፍራል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ፍሰቱ ይወርዳል። ወደ 15,000፣ ወደ 12,000፣ መጨረሻ ላይ ወደ 6,000። በተለመደው ሥራ ይህን ፍሰት እኛ አናዘውም። እሱ እንደፈለገው ይመጣል። እሱን መሪ እንለዋለን። ውሃውን ግን እናዘዋለን፤ ፍሎው ሜትር አለው፣ ቫልቭ አለው፣ ቫልቩን የሚያዝ ኮንትሮለር አለው። እሱን ተከታይ እንለዋለን።

ቢራው ወደ 12,000 ወርዶ ውሃው 6,000 ላይ ቢቆይ ምን ይሆናል? 16 ሲባዛ በ12,000፣ ለ18,000 ሲካፈል 10.67 ነው። 12 መሆን የነበረበት ቢራ 10.67 ሆነ። ይህ የእኔ እንስራ ነው።

እሺ፣ የመጀመሪያው ነጥብ። ማካፈልና ማባዛት።

ከዓመታት በፊት ስሙን ከማልጠራው አንድ ፋብሪካ ተጠራሁ። የውሃው ቫልቭ ሌሊት ሌሊት ይረበሻል አሉኝ። እዚያ በዕድሜ የገፉ ኦፕሬተር ነበሩ። «ጋሼ፣ ችግሩ ምንድን ነው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ቀን ደህና ነው። ሌሊት ያብዳል። እኔ ማንዋል አድርጌ በእጄ እነዳዋለሁ» አሉኝ። ሰዓት አይቶ የሚያብድ ቫልቭ አይቼ አላውቅም። እናም አመሸሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ ቫልቩ አጠገብ ቆሜ ነበር። አየሩ ፍስ ይላል፣ የቫልቩ ዘንግ ይወጣል። ፍስ ይላል፣ ይወርዳል። እንደገና ይወጣል። እጄን ቧንቧው ላይ ሳደርግ ውሃው ሲመታና ሲለቅ ይሰማኛል። ስክሪኑ ላይ የሬሾው መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኗል።

ቀና ብዬ የቢራውን ሜትር አየሁ። 6,000 ይላል። ማጣሪያውን የሚያስጀምሩት ጠዋት ነው፤ ሌሊት ላይ ደለሉ ወፍሯል። በሽታው የሌሊት በሽታ አልነበረም። የዝቅተኛ ፍሰት በሽታ ነበር።

ፕሮግራሙን ከፈትኩት። የጻፈው ሰው ያደረገው ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት ትክክል ይመስላል። የውሃውን ፍሰት ለቢራው ፍሰት አካፍሏል። የወጣውን ሬሾ ለኮንትሮለሩ ሰጥቶ «0.333 ላይ ያዝልኝ» ብሎታል። ሬሾ መቆጣጠር አይደል የምንፈልገው? ታዲያ ምን ጥፋት አለው?

ጥፋቱ ይኸውላችሁ። ቢራው 18,000 ሲሆን ቫልቩ ትንሽ ከፍቶ 600 ሊትር ውሃ ቢጨምር ሬሾው በ0.033 ይጨምራል። ቢራው 6,000 ሲሆንስ? ያው 600 ሊትር ሬሾውን በ0.1 ይጨምረዋል። ሦስት እጥፍ! ቫልቩ ያው ነው፣ እንቅስቃሴው ያው ነው፣ ኮንትሮለሩ የሚያየው ለውጥ ግን ሦስት እጥፍ ነው። ኮንትሮለሩን ያስተካከሉት ቀን፣ በ18,000 ላይ ነው። ሌሊት ላይ ያው ማስተካከያ ሦስት እጥፍ ኃይለኛ ይሆንበታል። ያርማል፣ ያልፋል፣ ይመለሳል፣ ያልፋል። ጋሼ «ያብዳል» ያሉት ይህንን ነበር። በተቃራኒው፣ በሌሊቱ ፍሰት ቢያስተካክሉት ኖሮ ቀን ላይ ይተኛ ነበር።

ሌላም አለ። ቢራው ሲቆም አካፋዩ ዜሮ ይሆናል። በዜሮ ማካፈል! ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ኮምፒውተር፣ ፒኤልሲው፣ ወይ ስህተት ይላል፣ ወይ ማለቂያ የሌለው ቁጥር ያወጣል።

መፍትሔው ማካፈሉን ትቶ ማባዛት ነው። እናቴ እንዳለችው፣ መጀመሪያ ድፍድፉን እይ። የቢራውን ፍሰት ለካ። በሬሾው አባዛው። የሚወጣው ቁጥር የውሃው ኮንትሮለር ሴት ፖይንት፣ ማለትም የሚታዘዝበት ቁጥር፣ ይሆናል። ኮንትሮለሩ ስለ ሬሾ ምንም አያውቅም፤ የሚያውቀው «ይህን ያህል ሊትር አምጣ» የሚለውን ብቻ ነው። እንዲህ ይጻፋል፦

```
Beer_F   := 0.9 * Beer_F + 0.1 * Beer_PV;
Water_SP := (Ratio + Trim) * Beer_F;
```

ሁለተኛው መስመር ዋናው ነው። Trim ያልኩትን በኋላ እመጣበታለሁ። የመጀመሪያው መስመር የቢራው ሜትር ሲንቀጠቀጥ ውሃው አብሮ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ሜትሩ ያነበበውን Beer_PV አለስልሶ Beer_F ያደርገዋል። ፕሮግራሙ በየ100 ሚሊ ሰከንድ የሚዞር ከሆነ ማለስለሻው አንድ ሰከንድ ገደማ ያዘገያል። ከዚህ ብዙ አታብዙት። ቢራው ሲቀንስ ውሃው በዘገየ ቁጥር፣ በዚያች ክፍተት ቢራው ይቀጥናል።

ቫልቭ በደንብ የሚያውቁ አንድ ነገር እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሲከፈት ፍሰቱን በመቶኛ የሚያሳድግ ቫልቭ ካለህ የማካፈሉ ችግር ይቀላል ይላሉ። እውነት ነው፤ በዝቅተኛ ፍሰት እንቅስቃሴው ስለሚያንስ ያካክሰዋል። የዚያ ፋብሪካ ቫልቭ ግን መስመራዊ ነበር። ደግሞ የትኛውም ቫልቭ በዜሮ ከማካፈል አያድንም። ስለዚህ አባዙ። የሬሾውን ቁጥር ስክሪን ላይ ለማየት ማካፈል ይቻላል፤ ለመቆጣጠር ግን አይሁን። በዚያ ሌሊት ፕሮግራሙን ቀይሬ፣ የውሃውን ኮንትሮለር እንደ አዲስ አስተካክዬ፣ ጋሼን «አሁን አውቶ ያድርጉት» አልኳቸው። ጣታቸውን ከማንዋሉ ቁልፍ ላይ ሳያነሱ ሩብ ሰዓት ያህል ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የሜትር ሬንጅ፤ ማለትም ፍሎው ሜትሩ ከስንት እስከ ስንት እንዲለካ እንደተስተካከለ። ይህኛው ስህተት የራሴ ነው። እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምነግራችሁ።

በሌላ ፋብሪካ የሬሾው ሥራ የሚሠራው በፒኤልሲ አልነበረም። ፓኔል ላይ በተገጠመች አሮጌ የሬሾ መሣሪያ ነበር። መሣሪያዋ ሊትር አታውቅም። ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ያለውን ምልክት ከ0 እስከ 100 በመቶ አድርጋ ነው የምታየው። የቢራው ሜትር ከ0 እስከ 30,000፣ የውሃው ሜትር ከ0 እስከ 10,000 ሊትር ነበር የተስተካከሉት። ቢራው 18,000 ሲሆን መሣሪያዋ 60 በመቶ ታያለች። ውሃው 6,000 ሲሆን እሱም 60 በመቶ ነው። ስለዚህ መሣሪያዋ ላይ የሚሞላው ሬሾ 0.333 ሳይሆን 1.00 ነው። እውነተኛው ሬሾ በቢራው ሬንጅ ተባዝቶ ለውሃው ሬንጅ ይካፈላል። 0.333 ሲባዛ በ30,000፣ ሲካፈል ለ10,000፣ አንድ። ገባን?

የውሃው ሜትር ተበላሸ። ስቶር ውስጥ የነበረው ከ0 እስከ 12,000 የተስተካከለ ሜትር ነበር። አጠበቅኩት፣ ሽቦውን አሰርኩት፣ ፍሰቱን አነበብኩት፤ በትክክል ይሠራል። የሬሾ መሣሪያዋን ግን አልነካኋትም። 1.00 ላይ ነበረች። ምን ሆነ? ቢራው 60 በመቶ ሲል መሣሪያዋ ውሃውን 60 በመቶ አለችው። የአዲሱ ሜትር 60 በመቶ 7,200 ሊትር ነው። 1,200 ሊትር ትርፍ ውሃ በሰዓት! ቢራው 12 መሆኑ ቀርቶ 11.43 ሆነ።

በጣም የሚያሳስበው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፓኔሉ ላይ ምንም አልተለወጠም። ሁለቱም መርፌዎች 60 ላይ ናቸው። ሬሾው 1.00 ነው። ማስጠንቀቂያ አልጮኸም። ቫልቩ አልተረበሸም። ኮንትሮለሩ የታዘዘውን በታማኝነት ነው የፈጸመው። ነገሩን ያወቀችው የላቦራቶሪዋ እህታችን ናት፤ ናሙና ወስዳ ለክታ በስልክ «ወንድሜ፣ ታንኩ ቀጥኗል፣ ሜትሩ ላይ የሆነ ነገር ነክታችኋል?» አለችኝ። ትክክለኛው ቁጥር 0.333 ሲባዛ በ30,000፣ ለ12,000 ሲካፈል፣ 0.833 ነበር። አንድ ማዞሪያ በአንድ ደቂቃ መዞር ነበረበት።

ፒኤልሲ ስላላችሁ ከዚህ የዳናችሁ እንዳይመስላችሁ። ፒኤልሲውም ከሜትሩ የሚቀበለው ያንኑ 4 እስከ 20 ነው። ሜትሩ ላይ ያለው ሬንጅና ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ሬንጅ ካልተስማሙ ያው ታሪክ ይደገማል። ስለዚህ ሜትር ስትቀይሩ ሁለቱን ቦታዎች አንድ ላይ ክፈቱ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ አስጀምሩ።

እንዴት ይታወቃል? ፓኔሉን አትጠይቁት። በታንኩ መጨረሻ የገባውን ጠቅላላ ውሃና ጠቅላላ ቢራ ተመልከቱ፤ ታንኩ ራሱ ካለው ሊትር ጋር አስተያዩት። 60,000 ሊትር ከተሞላ 45,000 ቢራ፣ 15,000 ውሃ መሆን አለበት። ሜትሮቹ ይህን እያሉ ታንኩ 63,000 ካለ አንደኛው ሜትር ይዋሻል።

ስለ ሜትር ውሸት ካነሳን አንዲት ነገር ልጨምር። ቢራ ውስጥ የሟሟ ጋዝ አለ። የቧንቧው ግፊት ከወረደ ጋዙ አረፋ ሆኖ ይወጣል። በተለምዶ የምንጠቀምበት የማግኔት ፍሎው ሜትር አረፋውንም እንደ ቢራ ይቆጥረዋል፤ ቁጥሩም ይዘላል። መሪው የሌለ ቢራ አለ ብሎ ከተናገረ ተከታዩ ለሌለ ቢራ ውሃ ያመጣል። የቢራው ቁጥር ያለ ምክንያት ሲዘል ካያችሁ ወደ ውሃው ቫልቭ አትሩጡ። መጀመሪያ የቢራውን ግፊት እዩ።

ሦስተኛው ነጥብ። ተከታዩ መከተል ሲያቅተውስ?

ማባዣው ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩን ማምጣት የሚችለው ግን ፓምፑና ቫልቩ ነው። ማጣሪያው አዲስ ሲሆን ኦፕሬተሩ ለመቅደም ብሎ ቢራውን ወደ 24,000 ከፍ አደረገው እንበል። የሚያስፈልገው ውሃ 8,000 ነው። የውሃው መስመር ግን ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሚያመጣው 7,000 ቢሆንስ? ቫልቩ መቶ በመቶ ተከፍቷል፤ ሬሾው ጠፍቷል። ቢራው 12.39 ሆኖ ይወጣል። ይህ ውፍረት ለፋብሪካው ኪሳራ ነው፤ ሊሸጥ የሚችል ቢራ ወፍሮ ሄደ ማለት ነው። ውሃው የሚያንሰው በፓምፕ ብቻ አይደለም፤ የውሃው ታንክ ግፊት ሲወርድም ያው ነው።

እዚህ ላይ መሪው ራሱ መታገድ አለበት። የማጣሪያውን ፓምፕ ማዘዝ ስለምንችል ከሁለቱ ትንሹን እንመርጥለታለን፦

```
Beer_SP := MIN(Beer_Req, Water_Max / Ratio);
```

7,000 ለ0.333 ሲካፈል 21,000 ነው። ኦፕሬተሩ 24,000 ቢጠይቅም ቢራው ከ21,000 አያልፍም። እዚህ ያካፈልኩት በቋሚ ቁጥር ስለሆነ የቅድሙ ችግር የለውም። በእርግጥ Water_Max የወረቀት ቁጥር ሆኖ መቅረት የለበትም። ውሃው ከታዘዘው አንሶ ለተወሰኑ ሰከንዶች ከቆየ ቢራውም በዚያው ልክ ይውረድ። ውሃው ጭራሽ ከቆመ ቢራው ወደ ኋላ ይዙር ወይም ይቁም።

የተገላቢጦሹ ይብሳል። ቢራው ቆሞ ውሃው ቢቀጥልስ? ሴት ፖይንቱ ዜሮ ይሆናል፣ ኮንትሮለሩ ቫልቩን ይዘጋል። ግን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ጥብቅ አድርጎ አይዘጋም፤ ሲዘጋም ትንሽ ያፈስሳል። ሌሊቱን ሙሉ የሚንጠባጠብ ውሃ ታንክ ያበላሻል። ስለዚህ ከጎኑ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ሌላ ቫልቭ ያስፈልጋል፤ ቢራው ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ይዘጋል። ገደቡን ሜትሩ በትክክል ማንበብ ከሚችልበት ዝቅተኛ ፍሰት ላይ አድርጉት። ከዚያ በታች የሚነበበው ቁጥር የሚታመን አይደለም፤ በማይታመን ቁጥር ደግሞ ውሃ አይታዘዝም።

እስካሁን ያወራነው ሁሉ በመለካትና በማባዛት ነው። እናቴ ግን ሌላም ነገር ታደርግ ነበር። ውሃ ከሞላች በኋላ በጣሳ ቀድታ ትቀምስ ነበር። ለምን? ድፍድፉ ራሱ ከጥንስስ ጥንስስ ይለያያል። ቢራውም እንዲሁ ነው። 16 ነው ያልነው ታንክ 15.6 ሊሆን ይችላል። ሬሾው ፍጹም ቢያዝም 15.6 ሲካፈል በ1.333 የሚሰጠው 11.7 ነው። ሬሾ መጠንን ይጠብቃል እንጂ ውፍረትን አያይም። ይህን ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

ስለዚህ ከመቀላቀያው በኋላ የሚቀምስ መሣሪያ ይገጠማል። የፈላ ቢራ ውስጥ አልኮልም ስላለ ጥግግቱን ብቻ መለካት አይበቃም፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ጥግግቱንና ድምፅ በፈሳሹ ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት አንድ ላይ ለክተው ያሰላሉ። የሚያገኙት ልዩነት ወደ ሬሾው ትንሽ ማስተካከያ ሆኖ ይመለሳል። ቅድም Trim ያልኩት ይህ ነው።

ማስተካከያው ግን ቀስ ማለት አለበት። ለምን? ቀማሹ የሚያየው ያለፈውን ነው። ከመቀላቀያው እስከ መሣሪያው ባለው ቧንቧ ውስጥ 40 ሊትር አለ እንበል። ድብልቁ በሰዓት 24,000 ሲሆን 40 ሊትር ለማለፍ 6 ሰከንድ ይፈጃል። 8,000 ሲሆን 18 ሰከንድ። የሚቸኩል ኮንትሮለር ብታደርጉበት ጣዕሙ ከመድረሱ በፊት ደጋግሞ ያርማል፤ የቅድሙ መጋዝ ጥርስ ይመለሳል። ፈጣኑን ሥራ ማባዣው ይሥራ፤ ቀማሹ በዝግታ ያቅናው። ደግሞም ወሰን አብጁለት። እኔ የማደርገው ከሬሾው 5 በመቶ በላይ ወይም በታች እንዳይሄድ ነው። መሣሪያው ላይ አረፋ ቢቀመጥበትና የተሳሳተ ቢያነብ፣ ጉዳቱ ከዚያ አያልፍም። ማስተካከያው ወሰኑ ላይ ተለጥፎ ከቆየ ደግሞ ራሱ ምልክት ነው፤ ወይ የታንኩ ውፍረት ተሳስቷል፣ ወይ አንዱ ሜትር። በእኔ የሜትር ቅየራ ቀን ይህ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ከላቦራቶሪ ስልክ በፊት ባወቅኩ ነበር።

አንድ ነገር ላክል። ውሃ መጨመር ይቻላል፤ ማውጣት አይቻልም። የቀጠነ ታንክ የሚስተካከለው ሌላ ወፍራም ቢራ ተፈልጎ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ታንክ ስትጀምሩ፣ ፍሰቱ ገና ሳይረጋ፣ ሬሾውን ትንሽ አሳንሱ። 0.333 ሳይሆን 0.32 አድርጉት። ቢራው 12.12 ይሆናል። ሲረጋ ወደ 0.333 መልሱ። የጎደለውን ውሃ ከሁለቱ ጠቅላላ ቁጥሮች አስልታችሁ በመጨረሻ ሙሉት።

ነገ ፋብሪካ ስትገቡ አንድ ሙከራ እንድታደርጉ እጠይቃችኋለሁ። ምርት በሌለበት ሰዓት፣ በሁለቱም መስመር ውሃ እየሄደ፣ መሪውን ከ18,000 ወደ 12,000 በአንዴ አውርዱት። ሰዓታችሁን ያዙ። ተከታዩ ከ6,000 ወደ 4,000 ለመድረስ ስንት ሰከንድ ወሰደበት? አልፎ ወረደ ወይስ ቀስ ብሎ አረፈ? ከዚያ መሪው 6,000 አካባቢ ሲሆን ድገሙት። በሁለቱ ፍሰቶች ላይ ቫልቩ አንድ ዓይነት ጠባይ ካላሳየ ፕሮግራሙን ክፈቱና የማካፈያ ምልክት ፈልጉ።

እኔ የያዝኩት ይህን ነው። ከኋላ እጅ ያወጣህ ወንድሜ፣ ማይኩ ይድረስህ። ቀጥል።